ኮንትሮል መጨመር ብቻውን ተዛምዶን መንስኤ አያደርገውም

ጥያቄ፦ «ለማስተርስ ኮርስ "ትምህርት እና የገቢ ሞቢሊቲ" በሚል ርዕስ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። በራሴ መጠይቅ ከ400 በላይ ሰዎች መረጃ ሰብስቤአለሁ። 12ኛ ክፍል የጨረሱት ካልጨረሱት በጣም የተሻለ ገቢ አላቸው፣ ፒ-ቫሊውም ከ0.001 በታች ነው። ስለዚህ ትምህርት ከድህነት መውጫ መሆኑን አረጋግጫለሁ ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዬ ግን "ይሄ ኮሪሌሽን እንጂ መንስኤ አይደለም" ብሎ መለሰልኝ። ኮንትሮል ቫሪያብሎች ብጨምርበት ይበቃል? ወይስ "ያረጋግጣል" የሚለውን "ሊያመለክት ይችላል" ብዬ ብለውጠው?»

ምላሽ፦ ሁለቱም አይበቃም። በመጀመሪያ ፒ-ቫሊውን ከክርክሩ ያውጡት። ፒ-ቫሊው የሚነግርዎ እንዲህ ያለ ልዩነት በናሙና አጋጣሚ ብቻ መታየቱ ምን ያህል የማይመስል እንደሆነ ነው። ከ0.001 በታች መሆኑ «ልዩነቱ አለ» ለማለት ያስችላል፤ ልዩነቱ ከየት መጣ የሚለውን ግን አይነካውም። በ400 ሰው ፈንታ 40,000 ሰው ቢጠይቁ ፒ-ቫሊው የበለጠ ያንሳል፣ የአስተማሪዎ ጥያቄ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። አስተማሪዎ ያላነሱት ሌላ ችግርም በጽሑፍዎ ውስጥ አለ፤ በእኔ ግምት እሱ ይብሳል። የለኩት ነገር ሞቢሊቲ፣ ማለትም የልጅ ገቢ ከወላጁ ገቢ ጋር ያለው ትስስር፣ አይደለም። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን የመንስኤውን ጉዳይ በቁጥር እንየው።

የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የፈጠርኳቸው ናቸው፣ ከየትም ጥናት አልመጡም። 200 ሰዎች አሉ እንበል፤ 100ዎቹ አቅም ካለው ቤተሰብ፣ 100ዎቹ ከድሃ ቤተሰብ የተወለዱ። አቅም ካላቸው 80ዎቹ 12ኛ ክፍልን ጨርሰዋል፣ ከድሆቹ ደግሞ 20ዎቹ ብቻ። ማንም ሰው ቢያንስ 4,000 ብር በወር ያገኛል። 12ኛን መጨረስ 1,000 ብር ይጨምራል፤ ይህ እውነተኛው የትምህርት ውጤት ነው። አቅም ያለው ቤተሰብ ደግሞ በውርስ ሱቅም ይሁን ሥራ በሚያስገባ ዘመድ፣ ልጁ ቢማርም ባይማርም 3,000 ብር ይጨምርለታል። አሁን እርስዎ እንዳደረጉት ቤተሰብን ሳንጠይቅ የጨረሱትንና ያልጨረሱትን ብቻ እናወዳድር። ከጨረሱት 100 ሰዎች 80ዎቹ 8,000፣ 20ዎቹ 5,000 ብር ያገኛሉ፤ አማካዩ 7,400 ነው። ካልጨረሱት መካከል 20ዎቹ 7,000፣ 80ዎቹ 4,000 ያገኛሉ፤ አማካዩ 4,600 ነው። ልዩነቱ 2,800 ብር መጣ። እውነተኛው የትምህርት ውጤት ግን 1,000 ብቻ እንደሆነ እናውቃለን፤ እኛው ነን ያስቀመጥነው። ቀሪው 1,800 ብር የቤተሰቡ ሲሆን በትምህርት ስም ተመዝግቧል። ቤተሰቡ ልጁን ትምህርት ቤት ያቆየዋል፣ ቤተሰቡ ገቢውንም ከፍ ያደርገዋል፤ የሁለቱ የጋራ መንስኤ እሱ ነው።

«ታዲያ ቤተሰብን ኮንትሮል ባደርግስ፣ ማለትም ቤተሰባቸው ተመሳሳይ የሆኑትን ብቻ እርስ በርስ ባወዳድርስ?» ለሚለው፣ በዚህ የተስተካከለ ዓለም ውስጥ መልሱ «ይሠራል» ነው። አቅም ባላቸው መካከል ብቻ ሲያወዳድሩ 8,000 ሲቀነስ 7,000፣ በድሆቹ መካከል 5,000 ሲቀነስ 4,000፤ በሁለቱም ወገን 1,000 ብር ይወጣል። ብዙ ተማሪዎች ይህን ያዩና ሪግረሽኑ ላይ «የአባት የትምህርት ደረጃ» የሚል አንድ ዓምድ ጨምረው ነገሩ እንዳለቀ ይቆጥራሉ። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ። መጠይቅዎ የቤተሰብን አቅም በትክክል አይለካም። የአባት ትምህርት የአቅም ምልክት እንጂ አቅሙ ራሱ አይደለም፤ ያልተማረ ነጋዴ አባት አለ፣ የተማረ ችግረኛ አባትም አለ።

በዚያው ምሳሌ ላይ መለኪያዎ ከየወገኑ ከአምስት ሰው አንዱን በስህተት ይመድባል እንበል፤ ማለትም አቅም ካላቸው 20ዎቹ «ድሃ»፣ ከድሆቹ 20ዎቹ «አቅም ያለው» ተብለው ተመዝግበዋል። አሁን «አቅም አላቸው» ተብለው ከተመዘገቡት 100 ሰዎች 68ቱ 12ኛን ጨርሰዋል፣ አማካይ ገቢያቸው 7,824 ብር ያህል ነው። ያልጨረሱት 32ቱ በአማካይ 5,500 ያገኛሉ። ልዩነቱ 2,324 ብር ሆነ። «ድሃ» ተብለው በተመዘገቡት ላይ ያለውን ስሌት ቢሠሩትም ያው 2,324 ይወጣል። ከአምስቱ አራቱን በትክክል የሚመድብ መለኪያ በማህበራዊ ጥናት ውስጥ ክፉ የሚባል አይደለም፤ ሆኖም ከ1,800 ብሩ ስህተት ያስወገደው ሩብ ያህሉን፣ 476 ብር ገደማ ብቻ ነው። ውጤቱ አሁንም ከእውነተኛው በእጥፍ ይበልጣል፣ ፒ-ቫሊውም እንደበፊቱ ኢምንት ሆኖ ይወጣል። ሠንጠረዥዎ ላይ «የቤተሰብ ሁኔታ፦ ተካቷል» ተብሎ ሲጻፍ አንባቢው ሙሉ በሙሉ የተጣራ ይመስለዋል። የቤተሰብን አቅም በደንብ ቢለኩት እንኳ የልጁ ጉብዝና፣ ጤና፣ የእናት ክትትል፣ የተወለደበት ወረዳ ይቀራሉ።

አንዳንድ ኮንትሮል ደግሞ ጭራሽ ይጎዳል። «የሥራ ዓይነት»፣ «አሁን የሚኖርበት ከተማ»፣ «የትዳር ጓደኛ ትምህርት» ሲጨመሩ በተደጋጋሚ አያለሁ። እነዚህ ከትምህርት በኋላ የመጡ፣ በከፊልም ትምህርቱ ያመጣቸው ናቸው። አንድ ሰው ስለተማረ ባንክ ተቀጥሮ ገቢው ካደገ፣ የሥራ ዓይነትን ኮንትሮል ማድረግ ማለት የባንክ ሠራተኛን ከባንክ ሠራተኛ ማወዳደር ነው፤ ትምህርት ገቢን ያሳደገበት ዋናው መንገድ ከስሌቱ ይወጣል። መለያው ቀላል ነው፦ ከእያንዳንዱ ቫሪያብል አጠገብ መቼ እንደተወሰነ ይጻፉ። ሰውየው ትምህርቱን ለመቀጠል ወይም ለማቋረጥ ከመወሰኑ በፊት የነበረ ከሆነ ሊገባ ይችላል፣ በኋላ የመጣ ከሆነ አይገባም። በዚህ ምክንያት ስለ ወላጅ ሲጠይቁም «አባትዎ ምን ይሠራሉ?» ሳይሆን «ዕድሜዎ 14 ዓመት ገደማ በነበረበት ጊዜ አባትዎ ምን ይሠሩ ነበር?» ማለት ይሻላል። የዛሬው የአባት ኑሮ ልጁ ከሚልከው ገንዘብ የመጣ ሊሆን ይችላልና።

ናሙናዎንም ይመርምሩ። መጠይቁን የሞሉት በመሥሪያ ቤት የተገኙ ደመወዝተኞች ብቻ ከሆኑ፣ 12ኛን ሳይጨርሱ ደመወዝተኛ የሆኑት በሌላ ነገር የተለዩ ሰዎች ናቸው። ከ8ኛ ክፍል አቋርጠው ወደ ዓረብ አገር ሄደው ገንዘብ የሚልኩትም ከነጭራሹ በናሙናው ውስጥ የሉም። እነሱ አለመኖራቸው የትምህርትን ጥቅም ወደ ላይ ይግፋው ወደ ታች አስቀድሞ መናገር አይቻልም፤ ማንን እንዳልጠየቁ ግን በግልጽ መጻፍ አለብዎ።

ታዲያ መንስኤን ለማሳየት የሚችለው ምን ዓይነት ጥናት ነው? ትምህርት የተለወጠበት ምክንያት ከልጁም ከቤተሰቡም ምርጫ ውጭ የሆነበትን አጋጣሚ የሚፈልግ ጥናት ነው። በጽሑፍዎ ውስጥ በሰፊው እንዲጠቀሙበት የምመክረው አንድ ጉዳይ የኢንዶኔዥያው ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄው ለእኛ ቅርብ ነው፦ በገጠር ትምህርት ቤት ሲከፈት የልጆቹ የወደፊት ገቢ ይለወጣል ወይ? የኢንዶኔዥያ መንግሥት የነዳጅ ገቢው ባደገበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. ከ1973/74 እስከ 1978/79 ድረስ ከ61,000 በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ሠራ። የኢኮኖሚ ተመራማሪዋ ኤስተር ዱፍሎ በኋላ፣ በ2001፣ ያን ግንባታ ተጠቅማ በ1995 በተሰበሰበ የወንዶች መረጃ ላይ የታወቀውን ጥናቷን አሳተመች።

መጀመሪያ ተራው ተዛምዶ ምን ይል እንደነበር ይመልከቱ። ብዙ ትምህርት ቤት በተሠራባቸው አካባቢዎች፣ ፕሮግራሙ ሲጀመር ሕፃናት የነበሩት፣ ማለትም በ1974 ከ2 እስከ 6 ዓመት የሆናቸው ልጆች፣ በአማካይ 8.49 ዓመት ተምረዋል። ጥቂት በተሠራባቸው አካባቢዎች ያሉት እኩዮቻቸው ግን 9.76 ዓመት። ይህን ብቻ ያየ ሰው ትምህርት ቤት መሥራት ትምህርትን ይቀንሳል ሊል ነው! ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መንግሥት ትምህርት ቤቶቹን ያከፋፈለው ከትምህርት ገበታ ውጭ የነበሩ ልጆች በሚበዙበት መጠን ነበር። ትምህርት ቤቶቹ ወደ ኋላ የቀሩትን አካባቢዎች ተከትለው ሄዱ እንጂ አካባቢዎቹን ወደ ኋላ አላስቀሩም።

ዱፍሎ ያደረገችው አካባቢን ከአካባቢ ብቻ ከማወዳደር ይልቅ እያንዳንዱን አካባቢ ከራሱ ታላላቆች ጋር ማወዳደር ነው። በ1974 ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 17 የነበሩት የመጀመሪያ ደረጃ ዕድሜ ስላለፋቸው አዲሶቹ ትምህርት ቤቶች አልደረሱላቸውም። ብዙ በተሠራበት አካባቢ የእነዚህ ታላላቆች አማካይ 8.02 ዓመት ነበር፤ ስለዚህ ታናናሾቹ 0.47 ዓመት ጨምረዋል። ጥቂት በተሠራበት ደግሞ ታላላቆቹ 9.40 ነበሩ፤ ጭማሪው 0.36 ነው። ሁሉም ቦታ ትምህርት እያደገ ነበር፤ ብዙ ትምህርት ቤት በተሠራበት ግን፣ ካልተጠጋጉት ቁጥሮች ሲሰላ፣ እድገቱ ወደ 0.12 ዓመት ያህል በለጠ። ይህ የልዩነቶች ልዩነት ነው። ሁለቱ አካባቢዎች ድሮም የነበራቸው የድህነት ልዩነት ሲቀናነስ ይወጣል፤ በአገር ደረጃ የመጣው አጠቃላይ እድገትም እንዲሁ።

አሁን ጥሩ ተቺ የሚያነሳው ጥያቄ ይመጣል፦ ወደ ኋላ የቀሩት አካባቢዎች ትምህርት ቤቱ ባይሠራም ከሌሎቹ በፍጥነት እያደጉ ቢሆንስ? ለዚህ ዱፍሎ ያንኑ ስሌት ፕሮግራሙ ፈጽሞ ሊነካቸው በማይችል ሁለት የዕድሜ ቡድኖች ላይ ደገመችው፤ ከ12 እስከ 17 የነበሩትን ከ18 እስከ 24 ከነበሩት ጋር። በዚያ ያለው ልዩነት 0.03 ዓመት ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ከፕሮግራሙ በፊት የተለየ አካሄድ ብዙም አልነበረም ማለት ነው። አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር፦ ያ 0.12 ብቻውን ሲታይ ስታንዳርድ ኤረሩ፣ ማለትም ግምቱ በናሙና አጋጣሚ የሚዋዥቅበት መጠን፣ 0.089 ስለሆነ በስታቲስቲክስ ጠንካራ አይደለም። ለዚህ ነው «ብዙ» እና «ጥቂት» ብሎ ለሁለት በመክፈል ብቻ ሳትቆም በየወረዳው ለ1,000 ልጅ የተሠራውን የትምህርት ቤት ቁጥር እና እያንዳንዱን የልደት ዓመት ወደ መጠቀም የሄደችው። በዚያ መንገድ ለ1,000 ልጅ አንድ ተጨማሪ ትምህርት ቤት የትምህርት ዘመንን ከ0.12 እስከ 0.19 ዓመት፣ ደመወዝን ደግሞ ከ1.5 እስከ 2.7 በመቶ ከፍ አድርጓል። የደመወዙ ጭማሪ ለትምህርቱ ጭማሪ ሲካፈል አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት ከ6.8 እስከ 10.6 በመቶ ደመወዝ ያስገኛል ማለት ነው።

ያ ማካፈል ግን በነፃ የሚገኝ አይደለም። የሚቆመው ትምህርት ቤቶቹ ደመወዝን የነኩት በትምህርት በኩል ብቻ ከሆነ ነው። በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ወረዳ የንጹህ ውሃ ፕሮግራም ቢኖርና ልጆቹ ጤናማ ሆነው ቢያድጉ፣ የጤናው ጥቅም በትምህርት ስም ይቆጠር ነበር። ዱፍሎም የውሃና የንጽህና ፕሮግራሙን በስሌቷ ውስጥ ለይታ አስገብታለች። እርስዎም እንዲህ ያለ ጥናት ሲጠቅሱ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን የቆመበትን ግምት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ጽሑፉን ከተራ ጥቅስ የሚለየው ይህ ነው።

ከዚህ ጥናት አንድ የሚገርም ነገርም አለ። በዚያው መረጃ ላይ ተራ ሪግረሽን የሚሰጠው ቁጥር ወደ 8 በመቶ የሚጠጋ ስለነበር ከመንስኤው ግምት ብዙም አልራቀም። ስለዚህ «ተዛምዶ ሁልጊዜ የትምህርትን ጥቅም ያጋንናል» ብለው አይጻፉ። የተማሩበት ዓመት በስህተት ሲመዘገብ ተዛምዶው ዝቅ ይላል፣ የቤተሰብ አቅም ሲደበቅ ከፍ ይላል፤ ሁለቱ ሊጣፉም ይችላሉ። የተዛምዶው ችግር ስህተት መሆኑ ሳይሆን ስህተቱ ወዴትና ምን ያህል እንደሆነ ከራሱ ከመረጃው ማወቅ አለመቻሉ ነው።

ይህን ወደ ኢትዮጵያ በቀጥታ መገልበጥ እንዳያምርዎ። ብዙ ተማሪዎች የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲን እንደ አጋጣሚ መጠቀም ይፈልጋሉ፤ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ክፍያ ተነሥቷልና። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፣ ነገር ግን ያው ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ አደረገ፣ በዚያው ወቅት መንግሥትም ተቀይሮ ነበር፣ ክልሎችም ተዋቅረዋል። ከፖሊሲው በፊትና በኋላ የተወለዱትን ብቻ ቢያወዳድሩ ለውጡ ከክፍያው፣ ከቋንቋው ወይስ ከሰላሙ እንደመጣ መለየት አይችሉም። የሚያስፈልገው ፖሊሲው አጥብቆ የነካውና እምብዛም ያልነካው ወረዳ ነው፤ ከዚያም ልክ እንደ ኢንዶኔዥያው ፖሊሲው ባልደረሰባቸው ታላላቆች ላይ የሚደረግ ፈተና። በ400 ሰው መጠይቅ ይህ አይሆንም።

አሁን ወደ ሞቢሊቲው። ሞቢሊቲ ማለት ልጅ በገቢ መሰላል ላይ የሚቆምበት ቦታ ወላጁ ከቆመበት ጋር ምን ያህል የተሳሰረ ነው የሚለው ነው። እርስዎ የወላጅን ገቢ ስላልጠየቁ የለኩት የተማረና ያልተማረ ሰው የገቢ ልዩነት ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ትምህርት በእርግጥ ገቢን እያሳደገም ሞቢሊቲ ባለበት ሊቀር፣ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። መነሻው ላይ አቅም ካለው ቤተሰብ የወጡት አማካይ ገቢ 7,800፣ ከድሃ ቤተሰብ የወጡት 4,200 ነው፤ ክፍተቱ 3,600 ብር። አሁን ሁሉም፣ ሁለት መቶውም፣ 12ኛን ጨረሱ እንበል። የመጀመሪያዎቹ 8,000፣ የኋለኞቹ 5,000 ይሆናሉ። ትምህርት ሥራውን ሠርቷል፣ ድሆቹ 800 ብር አግኝተዋል፤ ክፍተቱ ግን ከ3,600 ወደ 3,000 ብቻ ወረደ፣ ምክንያቱም ዋናው የቤተሰብ ጥቅም በትምህርት ቤት በር አያልፍም። አሁን ደግሞ አዲሶቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከተማ ውስጥ ተከፈቱና አቅም ካላቸው 100ውም ጨረሱ፣ ከድሆቹ ግን ከ20 ወደ 25 ብቻ ከፍ አሉ እንበል። 8,000 እና 4,250፤ ክፍተቱ ወደ 3,750 ሰፋ። በሁለቱም ሁኔታ የትምህርት ውጤት ያው 1,000 ብር ነው። ለውጡ ያለው ትምህርቱ ለማን ደረሰ በሚለው ላይ ነው።

ሌላም ነገር ይጨመራል። ምሳሌው የተማረ ሰው ሲበዛ 1,000 ብሩ እንደማይቀንስ ያስባል። ዱፍሎ በኋላ በኢንዶኔዥያው ላይ በሠራችው ሌላ ጥናት፣ የመጀመሪያ ደረጃ የጨረሱ ወጣቶች ሲበዙ በዚያው አካባቢ ያሉ የታላላቆቻቸው ደመወዝ መቀነሱን አግኝታለች። አንድ ልጅ ሲማር የሚያገኘውን ጥቅም በሚሊዮን አባዝቶ «ሁሉም ቢማር አገሪቱ ይህን ያህል ታገኛለች» ማለት በዚህ ምክንያት አይቻልም።

በሞቢሊቲ ጥናት ውስጥም ተዛምዶ በመንስኤ ስም ሲጠቀስ አያለሁ። የኢኮኖሚ ተመራማሪው ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የግብር መዝገብ ላይ በሠሩት ጥናት፣ ወላጆቹ መቶ እርከን ባለው የገቢ መሰላል ላይ በ10 እርከን የሚበልጡ ልጅ፣ በራሱ ገቢ በአማካይ በ3.4 እርከን ብቻ ይበልጣል። ከታችኛው አምስተኛ ተወልዶ ወደ ላይኛው አምስተኛ የመድረስ ዕድል በሻርሎት 4.4 በመቶ ሲሆን በሳን ሆዜ 12.9 በመቶ ነው። ሞቢሊቲ ከፍ ያለባቸው አካባቢዎች የተሻሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም አሏቸው። ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብዙዎች «ጥሩ ትምህርት ቤት ሞቢሊቲን ያመጣል» ብለው ይጠቅሱታል፤ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ግን ተዛምዶ ብቻ መሆኑን አስጠንቅቀዋል፣ እነዚያው አካባቢዎች የገቢ ልዩነታቸው አነስተኛ፣ ቤተሰባቸውም የተረጋጋ ነውና። ስለ አፍሪካም ቢሆን፣ የኢኮኖሚ ተመራማሪው አሌሲናና ባልደረቦቹ ከሃያ በላይ የሆኑ አገሮችን የሕዝብ ቆጠራ መረጃ ተጠቅመው ባወጡት ጥናት፣ ወላጆቻቸው ያልተማሩ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን የማጠናቀቅ ዕድላቸው በደቡብ አፍሪካና በቦትስዋና ከ70 በመቶ ሲበልጥ በኢትዮጵያ ከ20 በመቶ በታች ነው። ለጽሑፍዎ ጠቃሚ ቁጥር ነው፤ ግን የሚለካው የትምህርት ሞቢሊቲን ነው፣ ስለ ገቢ ምንም አይልም።

አሁን «ሊያመለክት ይችላል» ስለሚለው። ለማለዘብ የሚጨመር ቃል የክርክሩን ዓይነት አይለውጥም። «ትምህርት ገቢን ሊያሳድግ እንደሚችል ያመለክታል» አሁንም የመንስኤ አባባል ነው፣ ድምፁ ብቻ ነው የቀነሰው። «ከፍ ያደርጋል»፣ «ያሻሽላል»፣ «አስተዋጽኦ አለው»፣ «በትምህርት ምክንያት»፣ «ተጽዕኖ» የሚሉትን በሙሉ በረቂቁ ውስጥ ፈልገው ያስምሩባቸው፤ «ተጽዕኖ» በተለይ ሳይታወቅ በሠንጠረዥ ርዕስ ውስጥ ይገባል። ከእያንዳንዳቸው ጀርባ ከሰዎቹ ምርጫ ውጭ በሆነ አጋጣሚ ላይ የቆመ የጥናት ንድፍ ከሌለ «አብሮ ይታያል»፣ «ይበልጣል»፣ «ተዛምዶ አለው» በሚሉት ይተኩ።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ በራስዎ መረጃ መንስኤን ለማሳየት መሞከርዎን ይተዉ። ጽሑፉን ለሁለት ይክፈሉት። የመጀመሪያው ክፍል በመረጃዎ ላይ የቆመ ገለጻ ይሁን፤ ሁለተኛው የመንስኤውን ጥያቄ እንደ ኢንዶኔዥያው ካለ ጥናት በመዋስ፣ የቆመበትን ግምትና ወደ እኛ አገር የሚያልፈውንና የማያልፈውን እየለየ ይሂድ። በመጀመሪያው ክፍል ሦስት ነገር ይሥሩ። ዕድሜ ለገቢ ብዙ ስለሚወስን የ23 ዓመት ተመራቂን ከ45 ዓመት ነጋዴ ጋር አያደባልቁ፤ ከ30 እስከ 40 ያሉትን ለይተው ያውጡ። ቀጥሎ የገቢውን ልዩነት ያለ ኮንትሮል፣ ከዚያ የወላጅ ትምህርት ከገባ በኋላ፣ ከዚያ የትውልድ ቦታ ሲጨመር ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ቁጥሩ በሻካራ መለኪያ እንኳ በብዙ ከወረደ፣ በተሻለ መለኪያ ከዚያም ሊወርድ እንደሚችል ይጻፉ። ካልወረደ ግን «ተረጋገጠ» አይበሉ፤ መለኪያዎ ደካማ ስለሆነ ብቻ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ 12ኛን የጨረሱትን ድርሻ በወላጅ ትምህርት ለይተው ያሳዩ፤ መረጃዎ ስለ ሞቢሊቲ በቅርብ የሚናገረው በዚህ ሠንጠረዥ ነው።

«አረጋግጫለሁ» ያሉበት አንቀጽ ከዚህ በኋላ እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦ «በናሙናው ውስጥ 12ኛ ክፍልን ያጠናቀቁ ከ30 እስከ 40 ዓመት ያሉ ሰዎች አማካይ ወርሃዊ ገቢ ካላጠናቀቁት ይበልጣል። የወላጅ ትምህርት ሲካተት ልዩነቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ያጠናቀቁት የተማረ ወላጅ ያላቸው የመሆን ዕድላቸው ከፍተኛ ስለሆነና የቤተሰብ አቅም በቀጥታ ስላልተለካ፣ ከቀሪው ልዩነት ምን ያህሉ የትምህርቱ እንደሆነ ይህ መረጃ አይለይም። የወላጅ ገቢ ስላልተጠየቀም ጥናቱ የገቢ ሞቢሊቲን አይለካም።» «ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም» የሚለው የእርስዎ ስሌት የሚወስነው ነው፤ ሌላ ከወጣ ያንኑ ይጻፉ። የጽሑፉን ርዕስም «የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቅ፣ የወላጅ ትምህርትና ገቢ» ወደሚል ቢያጠቡት ይሻላል፤ «ሞቢሊቲ» የሚለው ቃል ርዕሱ ላይ እስካለ ድረስ አስተማሪዎ የወላጆችን ገቢ የት አለ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።